የበግ ታፋ በኦቨን፦ ስንት ዲግሪ፣ ለአንድ ኪሎ ስንት ደቂቃ፣ መቼ ይቆረጣል

የመጀመሪያ ታፋዬን ያበላሸሁት በሒሳብ ነው። ኪሎውን በደቂቃ አባዛሁ፣ ስልኬ ላይ ሰዓት ሞላሁ፣ ስልኩ ሲጮህ አወጣሁና ወዲያው ቢላ አነሳሁ። ላዩ ቡናማ ሆኖ ሲያዩት ያስጎመጃል። አጥንቱ ጋ ስደርስ ግን ጥሬ ነው፣ እንዲያውም ቀዝቃዛ። መክተፊያው ላይ የወጣው ውሃ ጠረጴዛውን አልፎ ወለሉ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። እንግዶቹ ሳሎን ቁጭ ብለዋል፣ እኔ ወጥ ቤት ውስጥ በሶፍት ወለል እየጠረግኩ ነው።

በዚያ ቀን የሠራሁት ስህተት ሁለት ነው። ሰዓቱን አመንኩ፣ ሥጋውን ደግሞ አላሳረፍኩትም። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አጥንቱ ያልወጣ፣ 2 ኪሎ ተኩል አካባቢ የሚመዝን ታፋ ኦቨን ውስጥ ገብቶ፣ በልኩ በስሎ፣ አርፎ እስኪቆረጥ ድረስ። የቅመም ዝርዝር ብዙ አትጠብቁ፣ ቅመሙን እናንተ ታውቁበታላችሁ።

ሥጋው ሲገዛ

ታፋ ስል ሙሉውን የኋላ እግር ማለቴ ነው፣ ከዳሌው ጀምሮ እስከ ቅልጥሙ። የጠቦት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይሆናል። የሸመገለ በግ ታፋ በዚህ መንገድ አይሆንም። ጅማቱ ጠንካራ ስለሆነ ተከድኖ፣ ከፈሳሽ ጋር፣ ለሰዓታት ቀስ ብሎ መብሰል ነው ያለበት። በደረቅ ሙቀት ብትጠብሱት መንጋጋችሁ ይደክማል።

ሥጋ ሻጩን አንድ ነገር ለምኑት፦ የዳሌውን አጥንት ያውጣላችሁ። ይሄ ጠማማ አጥንት በወፍራሙ ጫፍ በኩል ያለው ነው። ሲጠበስ ምንም አያስቸግርም፣ ሲቆረጥ ግን ቢላችሁ በየቦታው እሱን ይመታል። ለባለሙያ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የጭኑ አጥንትና ቅልጥሙ እንዳሉ ይቅሩ፣ ቅልጥሙ በኋላ ስትቆርጡ መያዣ ይሆናችኋል። ከወጣ በኋላ ሥጋውን መልሳችሁ መዝኑት። የደቂቃ ሒሳባችሁ ኦቨን ውስጥ የሚገባው ኪሎ ላይ እንጂ ደረሰኙ ላይ ያለው ኪሎ ላይ አይደለም።

ከፍሪዘር የወጣ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ይሟሟ። ይህን ለሚያክል ታፋ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል፣ ትንሽ ጨምሩለት። ላዩ ለስልሶ አጥንቱ ዙሪያ በረዶ ያለበት ታፋ ኦቨን ውስጥ ከገባ ማንም ሊያስተካክለው አይችልም፣ ላዩ እስኪደርቅ ድረስ መሃሉ አይበስልም።

ከአንድ ቀን በፊት

ጊዜ ካላችሁ ጨዉን ከአንድ ቀን በፊት አድርጉ። ለአንድ ኪሎ ሥጋ 10 ግራም ጨው፣ ማለትም ደቃቅ ጨው ከሆነ ከሁለት የሻይ ማንኪያ ትንሽ ያነሰ። መጀመሪያ ሥጋውን በሶፍት አድርቁት። አትጠቡት፣ ውሃው ተረጭቶ ማጠቢያውን ሁሉ ነው የሚበክለው። ከዚያ ጨዉን በየቦታው አሹት፣ ወፍራሙ በኩል በዛ አድርጉ፣ ቅልጥሙ በኩል ቀነስ። ትሪ ላይ አድርጋችሁ ሳትከድኑት ፍሪጅ ውስጥ ይደር። በማግስቱ ስታወጡት ላዩ ደርቆና ትንሽ ጠቆር ብሎ ታገኙታላችሁ። አትደንግጡ፣ የሚፈለገው እሱ ነው። ጨዉ መጀመሪያ ውሃ ያወጣል፣ ቀጥሎ ያ ውሃ ጨዉን ይዞ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል። ላዩ ደረቅ ስለሆነ ደግሞ ኦቨን ውስጥ ቶሎ ይጠቁራል፣ ምክንያቱም እርጥብ ሥጋ መጀመሪያ ውሃውን ማትነን አለበት፣ እስከዚያ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ጊዜ ከሌላችሁ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ጨው አድርጉ። እሱም ካልሆነ ልክ ሊገባ ሲል። መጥፎው መሃሉ ነው፣ አሥር ወይም ሃያ ደቂቃ ሲሆነው ውሃው ወጥቶ ላዩ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ገና አልተመለሰም።

ነጭ ሽንኩርት የምትወዱ ከሆነ በትንሽ ቢላ ጫፍ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያላቸው አሥር ወይም አሥራ ሁለት ቀዳዳዎች አድርጉና በቀጭኑ የተቆረጠ ነጭ ሽንኩርት ከትንሽ የጥብስ ቅጠል ጋር ወትፉበት። ወደ ውስጥ በደንብ ግፉት። ላይ ብቅ ያለ ነጭ ሽንኩርት ያርራል፣ ይመርራልም። ጮማው ወፍራም ከሆነ ከላይ በቢላ ቻክ ቻክ አድርጉት፣ ግን ሥጋው ድረስ አትዝለቁ። ቅቤ ወይም ዘይት ትንሽ ቀቡት፣ ቁንዶ በርበሬ ነስንሱበት። በቃ።

ኦቨኑ

ከማብሰላችሁ ከአንድ ሰዓት በፊት ሥጋውን ከፍሪጅ አውጡት። ብዙ ሰው ይሄ መሃሉን ወደ ክፍሉ ሙቀት ያደርሰዋል ብሎ ያስባል፣ አያደርሰውም። አንድ ጊዜ ለክቼ አይቻለሁ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የጨመረው አምስት ዲግሪ ብቻ ነው። ቢሆንም ላዩ ለቀቅ ይላል፣ እናንተም እስከዚያ ኦቨኑን ታሞቃላችሁ።

ኦቨኑን 220 ዲግሪ ላይ አድርጉት። ፋን ያለው ከሆነ 200። በደንብ ይሙቅ፣ የኦቨኑ የማሞቂያ መብራት ጠፋ ብላችሁ ወዲያው አትክተቱ፣ ሌላ አሥር ደቂቃ ጨምሩለት። የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች በዚህ ሙቀት ናቸው፣ ላዩ እንዲጠቁርና ጮማው መቅለጥ እንዲጀምር። ከዚያ ወደ 170 ዝቅ ይላል፣ በፋን 150። ቀሪው ጊዜ ሁሉ በዚህ ነው። እስከ መጨረሻው 220 ላይ ብትተዉት መሃሉ እስኪደርስ ዳር ዳሩ ሁለት ጣት ያህል ገብቶ ግራጫና ደረቅ ይሆናል። ከመጀመሪያው 170 ብታደርጉት ደግሞ ሥጋው ይበስላል፣ ላዩ ግን ፈዘዝ ያለ ይሆናል።

ትሪው ላይ የሽቦ ፍርግርግ አስቀምጡና ታፋውን እሱ ላይ አድርጉት፣ ጮማው ወደ ላይ። ፍርግርግ ከሌለ ሽንኩርትና ካሮት በወፍራሙ ቆርጣችሁ አንጥፉለት። ትሪው ውስጥ መጀመሪያ ላይ ውሃ አትጨምሩ። ወደ 170 ስትቀንሱ ግን የሚንጠባጠበው ጮማ እንዳያርርና ቤቱን ጭስ እንዳይሞላው አንድ ብርጭቆ ውሃ ከሥር ጨምሩ። ሥጋው ላይ አይፍሰስ። በፎይልም አትሸፍኑት፣ ከሸፈናችሁት ጥብስ መሆኑ ቀርቶ በእንፋሎት የበሰለ ሥጋ ነው የሚሆነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የኦቨናችሁን ቁጥር አትመኑት። የእኔ 180 ሲል 155 ነበር። ያወቅኩት ኦቨን ውስጥ የሚንጠለጠል ትንሽ ቴርሞሜትር ገዝቼ ለግማሽ ሰዓት ስተወው ነው። ለዓመታት «የመመሪያዎቹ ደቂቃ ሁልጊዜ ያንሳል» እያልኩ ሳማ የነበረው ለካ የራሴን ኦቨን ነው።

ለአንድ ኪሎ ስንት ደቂቃ

እሺ፣ ሁሉም ሰው የሚፈልገው ቁጥር። መጀመሪያ 20 ደቂቃ በ220። ከዚያ በ170 ለእያንዳንዱ ኪሎ፦

መሃሉ ሮዝ እንዲሆን ከተፈለገ 30 ደቂቃ፣
ትንሽ ሮዝነት የቀረው፣ መካከለኛ ከሆነ 40 ደቂቃ፣
ሙሉ በሙሉ የበሰለ ከሆነ 50 ደቂቃ።

ይሄ አጥንት ላለው ታፋ ነው። ምሳሌ፦ 2.4 ኪሎ፣ መካከለኛ። 2.4 በ40 ሲባዛ 96 ደቂቃ፣ የመጀመሪያው 20 ሲደመር 116። ሁለት ሰዓት ሊሞላ አራት ደቂቃ ጉዳይ።

አሁን ይህን ቁጥር ካገኛችሁ በኋላ ብዙ አትመኑት። ሙቀት ወደ ሥጋው የሚገባው ከዳር ወደ መሃል ነው፣ ስለዚህ የሚወስነው ከላዩ እስከ መሃሉ ያለው ርቀት ነው፣ ውፍረቱ ማለት ነው። ኪሎው የዚያ ግምት ብቻ ነው። አንዱ ታፋ ረዘም ቀጠን ያለ ነው፣ አንዱ አጠር ደንደን ያለ፣ ሚዛን ላይ ግን እኩል ናቸው። ሁለቱ በ20 ደቂቃ ሊለያዩ ይችላሉ። ሦስት ኪሎ የሆነ ታፋም ከሁለት ኪሎው አንድ ተኩል እጥፍ አይወፍርም፣ ከፊሉ ክብደት በርዝመት የመጣ ነው፣ ስለዚህ ትልቅ ታፋ ላይ ሒሳቡ ብዙውን ጊዜ ያበዛል። የትንሽ ታፋ ሒሳብ ደግሞ ሊያሳጥር ይችላል።

ስለዚህ ይህን ሒሳብ የምጠቀምበት ለሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ መቼ ኦቨን ውስጥ እንደማስገባ ለማወቅ። ሁለተኛ መቼ መለካት እንደምጀምር ለማወቅ፣ እሱም ከተሰላው ጊዜ 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። መቼ እንደሚወጣ የሚነግረኝ ሌላ ነው።

ቴርሞሜትሩ የት ይገባል

ሥጋ ውስጥ የሚሰካ ዲጂታል ቴርሞሜትር ያስፈልጋችኋል። ርካሹ ይበቃል። ከወፍራሙ ጎን በኩል ስኩት፣ ጫፉ በጣም ወፍራም የሆነው ቦታ መሃል እስኪደርስ። አጥንት እንዳይነካ። አጥንቱን ከነካ የምታነቡት የአጥንቱን እንጂ የሥጋውን ሙቀት አይደለም፣ ከዙሪያውም ሊለይ ይችላል። ጫፉ ጠንከር ያለ ነገር ሲገጥመው ይሰማችኋል፣ ያኔ አንድ ሴንቲ ሜትር መለስ አድርጉት። ሁለት ሦስት ቦታ ለኩና ዝቅተኛውን ቁጥር ያዙ። የሚቆጠረው ዝቅተኛው ነው።

አሁን ዋናው፦ ኦቨን ውስጥ እያለ ከምትፈልጉት ቁጥር አምስት ዲግሪ ሲቀረው ታወጡታላችሁ፣ ምክንያቱም ከወጣም በኋላ መብሰሉን አያቆምም። ላዩ መሃሉን በጣም ይበልጠዋል፣ ያ ሙቀት ወደ ውስጥ መግባቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ሮዝ ለሚፈልግ 54 ሲል ይወጣል፣ 58 ወይም 59 ይደርሳል። መካከለኛ ለሚፈልግ 60 ሲል ይወጣል፣ 65 ይደርሳል። ሙሉ የበሰለ ለሚፈልግ 68 ሲል ይወጣል፣ ከ72 በላይ ይሄዳል። ከዚያ ያለፈ ግን ታፋ ስለሆነ ብቻ ይደርቃል። ጮማው ያለው ከውጪ ነው፣ ውስጡ ቀጭን ሥጋ ነው፣ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር የሥጋው ክሮች እየተኮማተሩ ውሃቸውን ይጨምቃሉ።

ሮዝ ሥጋ ይጎዳል ወይ ለምትሉ፦ የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት ለሙሉ ቁራጭ በግ የሚያስቀምጠው ዝቅተኛ ቁጥር 63 ዲግሪና ከዚያ 3 ደቂቃ ማሳረፍ ነው። ብዙ ሰው ከዚያ በታች ይበላል፣ ውሳኔው የየራሱ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ሕፃን፣ ወይም ሰውነቱ በሽታ የማይቋቋም ሰው ማዕዱ ላይ ካለ ግን አትከራከሩ፣ ሙሉ በሙሉ አብስሉት። በደንብ ያልበሰለ የበግ ሥጋ ውስጥ ለፅንስ አደገኛ የሆነ ጥገኛ ተሕዋስ ሊኖር ይችላል። ደስ የሚለው ነገር፣ ታፋ ሁለቱንም ያስተናግዳል። መሃሉ ሮዝ ሲሆን ቅልጥሙ በኩል ያለው ቀጭን ሥጋ ሙሉ በሙሉ በስሎ ይገኛል። ሮዝ ካየ ሳህኑን የሚገፋ ዘመድ ካላችሁ ለእሱ ከዚያ በኩል ይቆረጥለት። ከላይ ላልኩት ለሚጠነቀቀው ሰው ግን እሱንም ለክታችሁ ነው የምትሰጡት።

ቴርሞሜትር ከሌለስ? ቀጭን የብረት ሹል፣ ለምሳሌ የጥብስ ሽቦ፣ እስከ መሃሉ ስኩና አሥር ሰከንድ ጠብቁ። አውጡና ጫፉን ከታችኛው ከንፈራችሁ ሥር አስነኩት። ቀዝቃዛ ከሆነ ገና ነው። ለብ ካለ ሮዝ ነው። ሞቅ ብሎ ግን ማስቀመጥ ከቻላችሁ መካከለኛ። ወዲያው ካስነሳችሁ በስሏል። የድሮ መላ ነው፣ ይሠራል፣ ግን ግምት ነው፣ ለነፍሰ ጡር በዚህ አትወስኑ። ከሚወጣው ጭማቂ ቀለም ብቻ ተነስታችሁም አትወስኑ፣ ቀለሙ ያታልላል።

አንድ ታፋ ከነሰዓቱ

ባለፈው የሠራሁትን እነሆ። 2.4 ኪሎ፣ የዳሌው አጥንት የወጣለት፣ መካከለኛ። ምሳ የተባለው 7 ሰዓት ላይ ነው። ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ለመቁረጥ 10 ደቂቃ፣ ለማረፍ 25 ደቂቃ፣ ስለዚህ 6:25 ላይ መውጣት አለበት። ለመጠበስ 116 ደቂቃ፣ እንግዲህ 4:29 ላይ ይገባል። እኔ ግን ሁልጊዜ ሃያ ደቂቃ መጠባበቂያ አስቀምጣለሁ። ቀድሞ የደረሰ ታፋ ይጠብቃል፣ ዘግይቶ የሚደርስ ታፋ ግን ሰው ያስርባል። 4:10 ላይ ገባ።

ሲገባ መሃሉ 9 ዲግሪ ነበር። 4:30 ላይ ኦቨኑን ወደ 170 ቀነስኩና ውሃ ጨመርኩ፣ መሃሉ 14 ብቻ ነበር፣ ላዩ ግን መቅላት ጀምሯል። ለአንድ ሰዓት ያህል በሩን አልከፈትኩም። በከፈታችሁ ቁጥር ሙቀቱ ይወጣል፣ እሱን ለመመለስ ደግሞ ኦቨኑ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። 5:30 ላይ ስለካው 49። ቁጥሩ ከጠበቅኩት በላይ ነው። 5:40 ላይ 55። በዚህ ደረጃ በሁለት ደቂቃ አንድ ዲግሪ ተኩል ሊጨምር ይችላል፣ ስለዚህ ከኩሽና አትውጡ። 5:50 ላይ 60 አለና አወጣሁት።

ከገባ 100 ደቂቃ ነው። ሒሳቡ ግን 116 ብሎኝ ነበር። ታፋው ረዘም ያለና ቀጭን ስለነበር ቀድሞ ደረሰ። ስልኩን ብጠብቅ ኖሮ አሥራ ስድስት ደቂቃ ተጨማሪ፣ ስምንት ዲግሪ ያህል ማለት ነው፣ መካከለኛው ቀርቶ ሙሉ የበሰለ ይሆን ነበር።

ከዚያ የኦቨኑን በር ከፍቼ ወደ 70 ዲግሪ እንዲቀዘቅዝ ተውኩት። ታፋው ውጪ ለ25 ደቂቃ አረፈ። 6:05 ላይ ከፍተኛውን ሙቀት፣ 65ን፣ ነካና መውረድ ጀመረ። 6:15 ላይ ወደ ቀዘቀዘው ኦቨን መለስኩት፣ እዚያ እስከ 6:50 ጠበቀ። 70 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ሥጋው ይሞቃል እንጂ ብዙም አይበስልም። ይህን ካወቅኩ ወዲህ እንግዳ ዘገየ ብዬ አልጨነቅም።

ማሳረፍ

ይሄ ክፍል ላይ ነው ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቀው። ሽታው ቤቱን ሞልቷል፣ ሁሉም ርቦታል፣ እናንተ ደግሞ ሥጋውን እያያችሁ ቆማችኋል። ቁሙ።

ትኩስ ሥጋ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ቀጭን ነው፣ እንደ ውሃ። ክሮቹም ተጨምቀው ጠበዋል። ያኔ ስትቆርጡት የሚወጣበትን መንገድ ከፈታችሁለት። ሲቀዘቅዝ ክሮቹ ትንሽ ይላላሉ፣ ፈሳሹም በውስጡ በቀለጠው ጄላቲን የተነሳ ወፈር ይላል፣ ስለዚህ ሥጋው ውስጥ ይቀራል። የሾርባ አጥንት ሲቀዘቅዝ እንደሚረጋው አስቡት፣ የዚያ መጀመሪያ ነው።

ለዚህ ታፋ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃል። እስከ 3 ኪሎ ከሄደ 30። ፍርግርጉ ላይ ይረፍ፣ ከሥሩ አየር ይግባ። ሳህን ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ የታችኛው ገጽ በራሱ እንፋሎት ይረጥባል። ከላይ ፎይል ጣል አድርጉበት እንጂ አታጥብቁት። ጥብቅ አድርጋችሁ ከጠቀለላችሁት ሁለት ነገር ይሆናል፦ ያ የደከማችሁበት ደረቅ ያለው ላዩ ይለሰልሳል፣ ሙቀቱም ታፍኖ ከአምስት ይልቅ ስምንት ወይም አሥር ዲግሪ ሊጨምር ይችላል። ክፍሉ ሞቃት ከሆነ እኔ ፎይል ራሱን አልጠቀምም።

በዚህ መሃል ስጎውን ሥሩ። ከትሪው ላይ ያለውን ትርፍ ጮማ ቅዱት። ትሪውን ምድጃ ላይ አድርጉ፣ አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ወይም ሾርባ ጨምሩ፣ ከሥር የተጣበቀውን ቡናማ ነገር በእንጨት ማንኪያ ፋቁት። ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። ግማሽ እስኪሆን ይፍላ። ከአረፈው ሥጋ የተንጠባጠበውንም አትጣሉ፣ እዚሁ ጨምሩ፣ ጨው የምትቀምሱት ከዚያ በኋላ ነው።

መቁረጥ

ረጅም፣ የተሳለ ቢላ። ደነዝ ቢላ ሥጋውን ይጨምቀዋል፣ ያሳረፋችሁትም ከንቱ ይቀራል። ቅልጥሙን በሶፍት ወይም በፎጣ ያዙ። መጀመሪያ ከቀጭኑ ጎን ሁለት ሦስት ቁራጭ በርዝመቱ ውሰዱ፣ ታፋው ሳይንከባለል የሚቀመጥበት ሜዳ እንዲያገኝ። በዚያ በተቆረጠው በኩል አስቀምጡት፣ ወፍራሙ ወደ ላይ።

ከዚያ ከቅልጥሙ ጫፍ ጀምራችሁ ወደ ታች፣ አጥንቱ እስኪደርስ፣ የጣት ውፍረት ግማሽ ያህል እያደረጋችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ቁራጮቹን አንድ በአንድ አታንሱ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ አጥንቱ ላይ ተጣብቀው ይቆዩ። ስምንት አሥር ስትቆርጡ ቢላውን አጋድማችሁ በአጥንቱ ላይ አስኪዱት፣ ሁሉም አንድ ላይ ይለቃሉ። የሥጋው ክሮች በአጥንቱ ርዝመት ነው የሚሄዱት፣ ስለዚህ እንዲህ ስትቆርጡ ክሮቹን እያሳጠራችሁ ነው። በርዝመቱ ከቆረጣችሁት ያው ሥጋ፣ ያው አበሳሰል፣ አፍ ውስጥ ግን ገመድ ይሆናል።

ወፍራሙ ሥጋ ውስጥ፣ በጡንቻዎቹ መካከል ባለው ጮማ ውስጥ፣ እንደ ትንሽ ባቄላ ያለች ግራጫ እጢ ልታገኙ ትችላላችሁ። አውጥታችሁ ጣሏት፣ ጣዕሟ ደስ አይልም። በሽታ አይደለም፣ ሁሉም በግ አለው።

ሳይሆን ሲቀር

ቆርጣችሁ አጥንቱ ጋ ጥሬ ሆኖ ካገኛችሁት ሙሉውን መልሳችሁ አታስገቡ። የደረሰውን ቁረጡና አቅርቡ፣ አጥንቱ ላይ የቀረውን ብቻ በ180 ለአሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ መልሱት። ሰው የመጀመሪያውን ሳይጨርስ ይደርሳል።

መሃሉ 45 ዲግሪ ላይ ቆሞ አልጨምር ካለ ሁለት ነገር አረጋግጡ። ቴርሞሜትሩ ቦታውን ስቶ እንደሆነ፣ አለበለዚያ ኦቨኑ ጠፍቶ እንደሆነ። አትሳቁ፣ ደርሶብኛል። ሁለቱም ደህና ከሆኑና ሰዓቱ ከሄደ ወደ 190 ከፍ አድርጉት፣ ላዩ ቶሎ ከጠቆረ ፎይል ጣል አድርጉበት።

ከልክ በላይ ከበሰለ መመለሻ የለውም። ግን በጣም ቀጭን አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ትኩስ ስጎ ሳህኑ ላይ አፍስሱና ሥጋውን ከላይ ደርድሩ፣ ትንሽ ስጎ ደግሞ ከላይ። ደረቅ መሆኑን የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው የሚሆነው፣ እናንተም ካልነገራችኋቸው።

የተረፈውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡት፣ ከአጥንቱ ለይታችሁ። ሦስት ቀን በደንብ ይቆያል። እንደገና ስታሞቁት ከነስጎው ከድናችሁ በለስላሳ እሳት አሙቁት፣ ትኩስ እንፋሎት እስኪወጣው ድረስ። ዛሬ ሮዝ የነበረው ነገ አይሆንም፣ እኔ ግን በማግስቱ ፍሪጅ እንደወጣ በቀጭኑ ቆርጬ በቁንዶ በርበሬ እበላዋለሁ።